ዘይት ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎም ይበርዳል

ጥያቄ፦ 1 ኪሎ በሚመዝን የማይዝግ ብረት ድስት 500 ግራም ውሃ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 173 ሰከንድ ፈጀብኝ። ድስቱ ከቀዘቀዘ በኋላ በዚያው ምድጃ 500 ግራም ዘይት ሳሞቅ ግን 100 ሰከንድ ብቻ ሆነ። ውሃው ለምን ይዘገያል? የዘይት ስፔሲፊክ ሂት የውሃ ግማሽ ነው ሲባል እሰማለሁ፤ የእኔ ቁጥር ግን ግማሽ አልመጣም። ይህን ማወቅስ ምግብ ስሠራ ምን ይጠቅመኛል?

ምላሽ፦ ልኬትዎ ትክክል ነው። ግማሽ ያልመጣው ስለተሳሳቱ ሳይሆን፣ ሁለቱም ጊዜ ሌላ ነገር አብሮ ስለሞቀ ነው፤ እሱም ድስቱ ነው። ወደ ድስቱ ከመሄዳችን በፊት ግን ስፔሲፊክ ሂት የሚባለውን በቀላሉ እንየው።

ቴርሞሜትር የሚያሳየን አንድ ነገር ምን ያህል እንደጋለ ነው እንጂ ምን ያህል ሙቀት እንደወሰደ አይደለም። ሁለቱ ይለያያሉ። አንድ ኪሎ ውሃን በ1 ዲግሪ ለመጨመር ወደ 4.18 ኪሎጁል ሙቀት ያስፈልጋል። ለአንድ ኪሎ የምግብ ዘይት ግን ወደ 2 ኪሎጁል ይበቃዋል። እንግዲህ ስፔሲፊክ ሂት ማለት ይኸው ነው፦ አንድ ኪሎ ከሆነ ነገር የሙቀት ደረጃውን አንድ ዲግሪ ለማሳደግ የሚጠይቀው የሙቀት ዋጋ። ውሃ ዋጋው ውድ ነው፣ ዘይት ርካሽ። ምድጃው በየሰከንዱ የሚከፍለው ያው አንድ ዓይነት መጠን ስለሆነ፣ ውዱ ዘግይቶ ይሞላል።

የሚፈለገውን ሙቀት ለማግኘት ሦስት ነገሮችን ማባዛት ይበቃል፦

የሚፈለገው ሙቀት = ክብደት × ስፔሲፊክ ሂት × የዲግሪው ልዩነት

አሁን ወደ እርስዎ ድስት እንመለስ። ግማሽ ኪሎ ውሃ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 2.09 ኪሎጁል ይፈልጋል። የማይዝግ ብረት ስፔሲፊክ ሂት ወደ 0.5 ስለሆነ፣ አንድ ኪሎ የሚመዝነው ድስትም ለእያንዳንዱ ዲግሪ ሌላ 0.5 ኪሎጁል ይወስዳል። በድምሩ 2.59 ሆነ። በ40 ዲግሪ ስናባዛው 103.6 ኪሎጁል ይመጣል። ይህንን በ173 ሰከንድ ስናካፍል ወደ 0.6 ኪሎጁል በሰከንድ እናገኛለን፤ ማለትም ከምድጃዎ ወደ ድስቱ የሚገባው ሙቀት 600 ዋት ገደማ ነው። (አንድ ዋት ማለት በሰከንድ አንድ ጁል ነው። ምድጃው ላይ የተጻፈው ቁጥር ከዚህ ከፍ ያለ ከሆነ አይደነቁ፤ ቀሪው በዙሪያው ወዳለው አየር ሄዷል፣ የምድጃውንም አካል አሙቋል።)

ዘይቱንም በዚያው መንገድ እናስላ። ግማሽ ኪሎ ዘይት ለአንድ ዲግሪ 1 ኪሎጁል፣ ድስቱ እንደቀድሞው 0.5፣ በድምሩ 1.5። በ40 ሲባዛ 60 ኪሎጁል። በ600 ዋት ምድጃ 60 ኪሎጁል ለመስጠት 100 ሰከንድ ይፈጃል። እርስዎ ያገኙት ቁጥር ይኸው ነው። ድስቱ ለውሃውም ለዘይቱም እኩል ስለተጨመረ ልዩነቱን አጠበበው እንጂ፣ ዘይቱ ብቻውን ሲታይ ከውሃው ግማሽ በታች ነው የሚፈልገው።

ይህን ለማረጋገጥ ከፈለጉ በትልቅ ድስት 2 ኪሎ ውሃና 2 ኪሎ ዘይት ተራ በተራ ያሙቁ። የድስቱ ክብደት 1 ኪሎ ሆኖ ከቀጠለ፣ በስሌቱ መሠረት የውሃው ጊዜ የዘይቱን 1.97 ጊዜ ያህል ይሆናል። የሚሞቀው ነገር በበዛ ቁጥር የድስቱ ድርሻ እያነሰ ይሄዳል። እስከ 60 ዲግሪ ብቻ ማሞቅዎም ጥሩ ምርጫ ነበር፤ ከዚያ በላይ ቢሄዱ ውሃው በደንብ መትነን ስለሚጀምርና እንፋሎቱ ብዙ ሙቀት ይዞ ስለሚወጣ፣ የሚለኩት ስፔሲፊክ ሂትን ብቻ አይሆንም ነበር።

ልኬቱን ሲደግሙ ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። አንደኛው የኤሌክትሪክ ምድጃ ከሆነ ሳህኑ ራሱ መጀመሪያ መጋል ስላለበት፣ ቀድሞ የተሞቀው ነገር ሁልጊዜ የዘገየ ይመስላል። ሳህኑ ከጋለ በኋላ ድስቱን ቢያስቀምጡ፣ ወይም አንድ ጊዜ ዘይቱን አስቀድመው ቢሞክሩ ይህ ይታያል። ሁለተኛው ማማሰል ነው። ዘይት ከውሃ ወፍራም ነው፣ ሙቀትም በውስጡ የሚያልፈው በዝግታ ነው፤ ሳይማሰል ከቀረ ከድስቱ ሥር ያለው ዘይት ከላይኛው በብዙ ዲግሪ ይበልጣል። ቴርሞሜትሩ ከላይ ከተያዘ ዘይቱ ገና ይመስላል፣ ከሥር ከነካ ደግሞ አልፎ የሄደ።

ውሃ ለምን ውድ ሆነ? መልሱ የውሃ ሞለኪውሎች እርስ በርስ በመያያዛቸው ላይ ነው። የአንዱ ሞለኪውል ሃይድሮጅን ወደ ሌላው ሞለኪውል ኦክስጅን ስለሚሳብ፣ በውሃ ውስጥ ሁልጊዜ የሚታሰርና የሚፈታ የሃይድሮጅን ቦንድ የሚባል መረብ አለ። ሙቀት ስንሰጠው ከፊሉ ሞለኪውሎቹን ያፈጥናል፤ ቴርሞሜትሩ የሚያየው ይህን ነው። ከፊሉ ግን ይህን መረብ ለማላላትና ለመበጠስ ይውላል፤ ይህ ደግሞ በቴርሞሜትሩ ላይ አይታይም። የዘይት ሞለኪውሎች ረጅም የካርቦንና የሃይድሮጅን ሰንሰለቶች ናቸው፤ እርስ በርስ የሚሳቡት በደካማው ነው፣ እንዲህ ያለ መረብም የላቸውም።

ይህን ማብራሪያ አጥብቄ የምይዝበት ምክንያት ውሃው ራሱ ስለሚመሰክር ነው። የበረዶ ስፔሲፊክ ሂት 2.1 ገደማ ነው። የእንፋሎት ደግሞ 2 ገደማ። ሁለቱም የፈሳሹ ውሃ ግማሽ ናቸው፤ ሞለኪውሉ ግን በሦስቱም ያው አንድ ነው። በበረዶ ውስጥ መረቡ ተቆልፎ ስለተቀመጠ ሙቀት አይፈታውም፤ በእንፋሎት ደግሞ ሞለኪውሎቹ ተራርቀው መረቡ የለም። ሙቀት እየዋጠ የሚላላ መረብ ያለው በፈሳሹ ብቻ ነው፤ ቁጥሩ ወደ 4.18 ዘሎ የሚወጣውም እዚያ ብቻ ነው።

በወጥ ቤት ውስጥ ግን ዘይት የምንለካው በኪሎ ሳይሆን በሊትር ነው፤ እዚህ ላይ ልዩነቱ ይሰፋል። አንድ ሊትር ዘይት የሚመዝነው 0.92 ኪሎ ገደማ ነው። ስለዚህ አንድ ሊትር ዘይት ለአንድ ዲግሪ 1.84 ኪሎጁል ሲፈልግ፣ አንድ ሊትር ውሃ 4.18 ይፈልጋል። በሊትር ሲታይ ውሃ 2.3 ጊዜ ያህል ይበልጣል ማለት ነው።

ከምድጃ ወደ ድስቱ የሚገባው ሙቀት 1000 ዋት ቢሆን፣ አንድ ሊትር ውሃን ከ20 ወደ 100 ዲግሪ ለማድረስ 334 ኪሎጁል፣ ማለትም አምስት ደቂቃ ተኩል ገደማ ይፈጃል። አንድ ሊትር ዘይት ደግሞ ሲግል ስፔሲፊክ ሂቱ ጥቂት ከፍ ስለሚል፣ ከ20 እስከ 180 ዲግሪ 310 ኪሎጁል ያህል ይወስዳል። ይህ አምስት ደቂቃ ብቻ ነው። ዘይቱ ለመጥበሻ የሚሆነውን 180 ዲግሪ ሲያገኝ፣ ውሃው ገና ሊፈላ ተቃርቧል። ውሃው ክዳን ከሌለው ደግሞ ከዚህም ይዘገያል፤ እያንዳንዱ ግራም ተንኖ ሲወጣ 2.3 ኪሎጁል ገደማ ይዞ ይሄዳልና። ክዳን የሚያፋጥነው ይህን ስለሚያስቀር ነው እንጂ የውሃውን ስፔሲፊክ ሂት ስለሚለውጥ አይደለም። ክዳን ለዘይት ይህን አያደርግም፤ ዘይት በዚህ ሙቀት አይተንም ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አብዛኛው ሰው ዘይት ቶሎ መሞቁን ያስተውላል፤ በዚያው ምክንያት ቶሎ መብረዱን ግን አያስተውልም። ስፔሲፊክ ሂቱ ዝቅ ያለ ነገር በእያንዳንዱ ዲግሪ የያዘው ሙቀት ትንሽ ነው፤ ስለዚህ ያንኑ ሙቀት ሲሰጥ ብዙ ዲግሪ ይወርዳል። የጥብስ ጣጣ የሚጀምረው እዚህ ነው።

የተከተፈ ድንች እንውሰድ። ድንች በአብዛኛው ውሃ ስለሆነ ስፔሲፊክ ሂቱ ከፍ ያለ ነው፤ ወደ 3.5 ገደማ። ከማቀዝቀዣ በ5 ዲግሪ የወጣ ግማሽ ኪሎ ድንች ለአንድ ዲግሪ 1.75 ኪሎጁል ይፈልጋል። በ180 ዲግሪ ያለ አንድ ሊትር ዘይት ደግሞ ለአንድ ዲግሪ 2 ኪሎጁል ገደማ አለው። ልብ ይበሉ፦ በዓይን ሲታይ ብዙ ዘይት ውስጥ ጥቂት ድንች የገባ ይመስላል፣ በሙቀት ሚዛን ግን ሁለቱ እኩል ለእኩል ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም። ምድጃው ቢጠፋና ሁለቱ ሙቀታቸውን ተካፍለው ቢያቆሙ፣ መጨረሻቸው 98 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። የፈላ ውሃ እንኳን ከዚህ ይሻላል። ያንኑ ግማሽ ኪሎ ድንች አንድ ኪሎ የፈላ ውሃ ውስጥ ብንከተው፣ ውሃው ከ100 ወደ 72 ይወርዳል፤ 28 ዲግሪ ብቻ። ዘይቱ የወረደው 82 ዲግሪ ነው።

ድንቹን ወደ 150 ግራም ብንቀንሰው ግን በዚያው አንድ ሊትር ዘይት መካፈያው 144 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። በ2 ሊትር ዘይት ከሆነ ደግሞ 160። በየተራ ጥቂት ጥቂት መጥበስ የሚባለው ምክር ከዚህ ስሌት የመጣ ነው።

በእርግጥ ምድጃው አይጠፋም፣ ድንቹም በአንድ ቅጽበት ሙሉ በሙሉ አይሞቅም፤ ስለዚህ ቴርሞሜትሩ እነዚህን ቁጥሮች ቁርጥ አድርጎ አያሳይም። የሚቀጥለው ሒሳብ ግን እውነተኛውን ሁኔታ ይነግረናል። 150 ግራም ድንች እስከ 100 ዲግሪ ለመሞቅ 50 ኪሎጁል ያህል ይፈልጋል። ቅርፊቱ እንዲደርቅና እንዲቀላ ከውስጡ 50 ግራም ውሃ ተንኖ ይውጣ ብንል፣ ሌላ 113 ኪሎጁል ይጨመራል። በድምሩ 163። ምድጃው በአምስት ደቂቃ 300 ኪሎጁል ስለሚሰጥ፣ ወደ አየር የሚጠፋው ተቀንሶም ይበቃል፤ ዘይቱ ጥቂት ወርዶ መልሶ ይነሣል። ግማሽ ኪሎ ሲሆን ግን በዚያው ሒሳብ 540 ኪሎጁል ያህል ያስፈልጋል። ምድጃው በአምስት ደቂቃ ይህን ሊሰጥ አይችልም፣ ዘይቱም ያጠራቀመው አይሞላለትም። ስለዚህ የሚሆነው መትነኑ መዘግየት ነው። ውሃው ሳይወጣ ይቀራል፣ ድንቹም በሞቀ ዘይት ውስጥ ይቀቀላል፤ ይለሰልሳል፣ ገርጥቶ ይቀራል፣ ሲወጣም ከላዩ እርጥብና ዘይታም ይሆናል።

ይህ እየሆነ መሆኑን ያለ ቴርሞሜትርም ማወቅ ይቻላል። ድንቹ ሲገባ ዘይቱ ይንፈቀፈቃል፤ ያ አረፋ የዘይት መፍላት አይደለም፣ ከድንቹ የሚወጣ የውሃ እንፋሎት ነው። አረፋው ከመጀመሪያው ጠንክሮ ቆይቶ ድንቹ እየደረቀ ሲሄድ ቀስ በቀስ ቢቀንስ ደህና ነው። በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ደክሞ ድንቹ ገና እርጥብ እያለ ጥቂት አረፋ ብቻ ከቀረ፣ ዘይቱ ወድቋል። ያን ጊዜ ግማሹን ድንች በወንፊት ማንኪያ አውጥቶ እስኪያገግም መጠበቅ ይሻላል። እሳቱን ብቻ መጨመር አያዋጣም፤ ድንቹ ከወጣ በኋላ ዘይቱ ያለልክ ይግላል።

ከታጠበ በኋላ ያልደረቀ ድንችም ዋጋ ያስከፍላል። በላዩ የቀረው 10 ግራም ውሃ ሞቆ እስኪተን ወደ 26 ኪሎጁል ይወስዳል፤ ከአንድ ሊትር ዘይት 13 ዲግሪ ማለት ነው። በጨርቅ ማድረቅ ቀላል ሥራ ሆኖ ሳለ ብዙ ሰው ይዘለዋል። በረዶ ሆኖ የሚጠበሰው ደግሞ ከዚህ ይብሳል። 150 ግራም የበረደ ድንች በውስጡ ያለው በረዶ እስኪቀልጥ ብቻ ወደ 40 ኪሎጁል ተጨማሪ ይፈልጋል፤ ይህ ከአንድ ሊትር ዘይት 20 ዲግሪ ያህል ይወስዳል። ስለዚህ በረዶ የሆነውን ሲጠብሱ መጠኑን ይቀንሱ እንጂ ዘይቱን አስቀድመው ከልክ በላይ አያግሉ።

አያግሉ የምልበት ምክንያት ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ነገር ስለሆነ ነው። ውሃ 100 ዲግሪ ሲደርስ ይቆማል፤ የተጨመረው ሙቀት ሁሉ በእንፋሎት ይወጣል፣ ድስቱን ረስተው ቢቆዩ እንኳ ውሃው እስኪያልቅ ድረስ ከ100 አያልፍም። ዘይት እንዲህ ያለ ማቆሚያ የለውም። በ180 ዲግሪ ያለ አንድ ሊትር ዘይት በ1000 ዋት ላይ ባዶውን ቢተው፣ በየሰከንዱ ግማሽ ዲግሪ፣ በየደቂቃው 30 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። ብዙዎቹ የተጣሩ ዘይቶች 230 ዲግሪ አካባቢ መጨስ ይጀምራሉ፤ እዚያ ለመድረስ ሁለት ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል። አሁንም ካልተነሣ ከጭስ ወደ እሳት ይሄዳል። በዘይት መጠን ስናየው ደግሞ ግማሽ ሊትር ከሆነ ፍጥነቱ እጥፍ ነው፤ በመጥበሻ ላይ የተንጣለለ ጥቂት ዘይት በሰከንዶች ያልፋል። ስለዚህ በሁለት ተራ ጥብስ መካከል እሳቱን ዝቅ ማድረግ፣ ዘይቱ 180 ሲመለስም ወዲያው ቀጣዩን መክተት ያስፈልጋል። ዘይት ከተቀጣጠለ ምድጃውን አጥፍቶ በብረት ክዳን መክደን ነው፤ ውሃ ፈጽሞ አይደፋበትም። ውሃው ከዘይቱ ስለሚከብድ ወደ ሥር ይሰምጥና እዚያ በአንዴ ወደ እንፋሎት ይለወጣል። እንፋሎቱ ከውሃው በ1,700 እጥፍ ገደማ ስለሚሰፋ የሚነደውን ዘይት ወደ ላይ ይበትነዋል።

በመጨረሻ፣ ስፔሲፊክ ሂት ብቻውን የማይመልሰው አንድ ነገር አለ። በ100 ዲግሪ ያለ ዘይትና በ100 ዲግሪ ያለ ውሃ ድንችን እኩል አያበስሉም፤ ውሃው ይፈጥናል። ሙቀት በውሃ ውስጥ የሚተላለፈው በዘይት ውስጥ ከሚተላለፈው ሦስት ጊዜ ተኩል ያህል በተሻለ ሁኔታ ነው፤ ውሃው ቀጭን ስለሆነም በድንቹ ዙሪያ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል። ዘይት በጥብስ የሚፈጥነው 100ን አልፎ 180 መድረስ ስለሚችል ነው። ለዚህም ነው ዘይቱ በድንች ብዛት ወደ 100 አካባቢ ሲወርድ የሚገኘው ውጤት ከመቀቀልም ያነሰ የሚሆነው፦ የውሃው ፍጥነት የለም፣ የጥብሱም ግለት የለም።